ስድስተኛውን ፕሮግራም ከማውጣትሽ በፊት

«የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከመስከረም ጀምሮ የጥናት ፕሮግራም አውጥቼ አጠናለሁ። ግን ሁለት ሦስት ሳምንት እንደሄድኩ ‹ይኼ አይሠራም› እልና ቀድጄ ሌላ አወጣለሁ። አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ። ጓደኛዬ በየእሑዱ ቁጭ ብለሽ ገምግሚ አለችኝ፤ ቁጭ ስል ግን ምኑን እንደምገመግም አላውቅም፣ በራሴ ተናድጄ እነሳለሁ። ፕሮግራሜ መሥራቱን በምን ልወቅ? መቼስ ነው መቀየር ያለብኝ?»
ሀ. ከደሴ

እህታችን፣ አምስተኛውን ለጊዜው አትቅደጂው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አልታወቀም። ከሱ በፊት የሄዱት አራቱም ቢሆኑ ሳይታወቅ ነው የሄዱት። «አይሠራም» የምትዪው ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው «የተጻፈውን አላጠናሁትም» ነው፤ ሁለተኛው «አጥንቼዋለሁ፣ ግን አልያዘልኝም»። የመጀመሪያው የሰዓትና የመጠን ችግር ነው፣ ሁለተኛው የአጠናን። ሁለቱ ሳይለዩ የሚወጣ አዲስ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ራሱ ነው፣ በሌላ እስክሪብቶ የተጻፈ። የእሑዱ ግምገማ ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ለዚህ ግን እሑድ ስትቀመጪ እጅሽ ላይ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ከሌለ የምትገመግሚው ስሜትሽን ነው፤ ነገ ሰኞ እንደሆነ እያወቀ እሑድ ከቀትር በኋላ ስሜቱ ጥሩ የሚሆን ተማሪ ደግሞ ብዙ የለም።

ማስረጃው ቀላል ነው። ፕሮግራምሽን በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቁረጪው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ሁለት ሁለት፣ ቅዳሜ አራት፣ እሑድ ሁለት ብትዪ በሳምንት 16 ይመጣል። በእያንዳንዱ ላይ የትምህርቱን ስም ብቻ ጽፈሽ አትለፊ። «ኬሚስትሪ» የሚል ክፍለ ጊዜ ተሠርቷል አልተሠራም ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ መጽሐፉን ገልጠሽ ብታንቀላፊም ኬሚስትሪ ነው። «ኬሚስትሪ፣ የሞል ስሌት፣ 12 ጥያቄ» ካልሽ ግን ወይ ተሠርቷል ወይ አልተሠራም። ሲያልቅ ጭረት አድርጊበት። ካልተሠራ አጠገቡ አንድ ቃል ጻፊ፦ «እንቅልፍ»፣ «እንግዳ»፣ «መብራት»፣ «ስልክ»። ይህን ያኔውኑ፣ ከመተኛትሽ በፊት ጻፊው። እስከ እሑድ ካቆየሽው ሁሉም ምክንያት «ስንፍና» ወደሚል አንድ ቃል ይቀየርብሻል፣ ከስንፍና ደግሞ ምንም መፍትሔ አይወጣም።

አሁን ወደ እሑዱ። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ ከቀኑ 10 ሰዓት። ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይለፍ፦ 40 ደቂቃ ራስሽን መፈተን፣ 20 ደቂቃ ማረምና ስህተቱን መለየት፣ 15 ደቂቃ መወሰን። ከዚያ በላይ ከሄደ ግምገማው ራሱ ከጥናት መሸሻ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠንጠረዥ በቀለም ሲያስጌጡ የሚያመሹ ተማሪዎች አሉ፤ ሠንጠረዡ ያምራል።

ጭረቶቹን ከማየትሽ በፊት ፈተናውን ሥሪ። ያመለጠሽን ብዛት አይተሽ ከተቀመጥሽ በንዴት ነው የምትፈተኚው። 20 ጥያቄ ይበቃል። ስድስቱንም ትምህርት በየሳምንቱ ልፈትን ብትዪ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሦስት ጥያቄ ነው፣ ከሦስት ጥያቄ ምንም አይነበብም። ስለዚህ ለአንድ ወር የምትከታተያቸው ሁለት ትምህርቶች ምረጪ፤ ይበልጥ የሚያስፈሩሽን ብታደርጊ ጥሩ ነው። የቀሩትን በሞዴል ፈተና ታዪያቸዋለሽ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው እንበል፤ ከእያንዳንዳቸው 10 ጥያቄ፣ ከአሥሩ 5ቱ በዚህ ሳምንት ካጠናሽው፣ 5ቱ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ካጠናሽው።

እነዚያ የድሮዎቹ ጥያቄዎች ናቸው ዋናው ነገር። ትናንት ያጠኑትን ዛሬ መመለስ ስለ ፕሮግራሙ ብዙ አይናገርም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፣ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ፕሮግራምሽን በዚያው ሳምንት ትምህርት ብቻ ከፈተሽው በ5 ደቂቃው ላይ የቆመውን ውጤት ነው የምታዪው፤ ብሔራዊ ፈተናው የሚጠይቅሽ ግን ወራት ያለፈውን ነው።

ጥያቄዎቹን ከየት ታመጫለሽ? ከዚህ በፊት ሠርተሽው የማታውቂው መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የሠራሽው ጥያቄ ሲመጣ አእምሮሽ «መልሱ ሐ ነበር» ብሎ ፊዚክሱን ሳይነካ ያልፋል። ቀላሉ ዘዴ ይኼ ነው፦ በየምዕራፉ መጨረሻ ካሉት ጥያቄዎችና ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች 1፣ 3፣ 5 እያልሽ በሳምንቱ ሥሪ፣ 2፣ 4፣ 6 ያሉትን ለእሑድ አስቀምጪ። ያለፉትን ፈተናዎች በሙሉ በጥቅምትና በኅዳር ሠርተው የሚጨርሱ ተማሪዎች በኋላ ራሳቸውን የሚመዝኑበት አያገኙም።

ስትሠሪ ባልተማመንሽበት መልስ አጠገብ «?» አድርጊ። አራት ምርጫ ባላቸው 20 ጥያቄዎች ዓይኑን ጨፍኖ የሚያከብ ሰው እንኳ በአማካይ አምስቱን ያገኛል። ስለዚህ «?» ያለበት ትክክለኛ መልስ ለእሑዱ ዓላማ እንዳልታወቀ ይቆጠራል። ለፈተና ቀን አክብቢው፤ ለግምገማ ግን አታስቆጥሪው።

ከዚያ የተሳሳትሽውን አንድ በአንድ ለዪ። ስሞቹን አጭር አድርጊያቸው፦ «ሳትኩ»፣ «ጠፋኝ»፣ «አልገባኝም»። የትኛው እንደሆነ በግምት አትወስኚ፤ ጥያቄውን ባዶ ወረቀት ላይ ምንም ሳታዪ እንደገና ሥሪው። አሁን በትክክል ከወጣልሽ «ሳትኩ» ነው። ካልወጣልሽ ቀመሩን ወይም ትርጓሜውን ብቻ እዪ፤ ያን አይተሽ ከወጣልሽ «ጠፋኝ»። ቀመሩ ፊትሽ ተቀምጦም ካልወጣልሽ «አልገባኝም»።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ጥያቄ እንየው። በሰከንድ 20 ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ይቆማል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ ስንት ሜትር ይሄዳል? በ v² = u² − 2as ብትሄጂ 0 = 400 − 8s፣ ስለዚህ s = 50 ሜትር ነው። አንቺ 100 አክብበሻል እንበል። 100 በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ቀመር ውስጥ ያለችውን 2 መርሳት ነው፤ 400ን ለ4 አካፍለሽ 100 ታገኛለሽ። ሌላው ደግሞ መኪናው በ5 ሰከንድ እንደሚቆም በትክክል አውቆ፣ 5ን በ20 ማባዛት ነው። ይህኛው ፍጥነቱ እየቀነሰ መሄዱን አልያዘም፤ መኪናው 5ቱንም ሰከንድ በ20 እንደሄደ አስቧል። የመልስ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ «ለ» ናቸው። የመጀመሪያዋ ተማሪ ቀመሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳታይ ብትጽፈው ይበቃታል፣ ሁለተኛዋ ግን ወደ ምዕራፉ ተመልሳ የፍጥነትና የጊዜን ግራፍ መሳል አለባት። ስለዚህ እሑድ ስትፈተኚ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ወረቀቱ ላይ ተዪው፤ ያለሱ መለየት አይቻልም።

የእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ነው። «አልገባኝም» ሲበዛ ተጨማሪ ጥያቄ መሥራት አያድንም፤ ምንጩን ቀይሪ፣ የተሠራ ምሳሌ እዪ፣ መምህር ጠይቂ። «ጠፋኝ» ሲበዛ ትምህርቱ አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ የሚፈልገው እየተመለሱ ሳያዩ ማስታወስን ነው። «ሳትኩ» የጥናት ሰዓት በመጨመር አይጠፋም፤ አሃድ መጻፍንና ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ማንበብን ነው የሚፈልገው።

አሁን አንድ የእሑድ ገጽ እናንብብ። ተማሪዋ ከታቀዱት 16 ክፍለ ጊዜዎች 9 ሠርታለች። ካመለጧት 7ቱ 5ቱ የማታ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ናቸው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ አጠገባቸው «እንቅልፍ» ይላል። ፈተናው ላይ ከ20 12 አግኝታለች፤ ሦስቱ «?» ስላለባቸው የታወቀው 9 ነው። ከዚህ ሳምንት ትምህርት 7 ከ10፣ ከድሮው 2 ከ10። ያልታወቁት 11 ሲለዩ «ጠፋኝ» 7፣ «አልገባኝም» 3፣ «ሳትኩ» 1 ሆኑ።

ገጹ ላይ ሁለት ችግር ይታያል፣ እጅ ሁለቱንም ዛሬውኑ ለመቀየር ይበላል። አንዱን ብቻ ቀይሪ፣ መጀመሪያም የመጠኑን። ምክንያቱም በግማሽ የተሠራ ፕሮግራም ጥሩ ይሁን መጥፎ አልተፈተነም። እኛ የምንጠቀምበት ልክ ከአሥር ሰባት ነው፦ ከታቀደው ከአሥር ሰባት እጅ በታች ከተሠራ፣ ስለ አጠናን ዘዴ ምንም አትፍረጂ፤ መጠኑንና ሰዓቱን ብቻ አስተካክዪ። ለ16 ክፍለ ጊዜ ይህ 11 አካባቢ ነው፣ እሷ 9 ላይ ናት።

በስንት ይስተካከል? ያለፉት ሦስት ሳምንታት 8፣ 10 እና 9 ከሆኑ መካከለኛው 9 ነው፤ አንድ ጨምረሽ 10 ጻፊ። ማታ አንድ አንድ፣ ቅዳሜ ሦስት፣ እሑድ ሁለት። ከ16 ወደ 10 መውረድ ሽንፈት ይመስላል፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እምቢ ይላል። ነገር ግን የወረደው የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ የሚሠራው እንዲያውም በአንድ ጨምሯል። ያመለጡትን 7ቱን ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳምንት አታሻግሪ። ውዝፍ ሲጨመርበት 16 የነበረው 23 ይሆናል፤ 9 የሠራ ሰው 23 አይሠራም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱ ይቀደዳል። አራቱ ፕሮግራሞችሽ ያለቁት በዚህ መንገድ ቢሆን አይገርመንም። ካመለጡት ውስጥ በእርግጥ የማይተው ካለ በአዲሱ 10 ውስጥ ቦታ ስጪው፤ ሌላው ይሰረዝ።

በሚቀጥለው እሑድ ተማሪዋ ከ10 9 ሠርታለች። ፈተናው 13፣ «?» ሁለት፣ የታወቀው 11፦ ከአዲሱ 8፣ ከድሮው 3። ካልታወቁት 9 ውስጥ «ጠፋኝ» 6፣ «አልገባኝም» 2፣ «ሳትኩ» 1። አሁን መፍረድ ይቻላል። ፕሮግራሙ ተሠርቷል፤ የሁለት እሑድ ድምር ሲታይ ከአዲሱ 15 ከ20፣ ከድሮው 5 ከ20 ነው፤ ስህተቱም ሁለቱንም ጊዜ «ጠፋኝ» ላይ ተከማችቷል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። ክፍለ ጊዜዎቹን ስታይ ሁሉም አዲስ ምዕራፍ ናቸው፣ ወደ ኋላ የሚመለስ አንድም የለም።

ለውጡም አንድ ብቻ ነው፦ ከ10 ክፍለ ጊዜ 3ቱ የመመለሻ ይሁኑ። በመመለሻው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ደብተር ሳትገልጪ የምዕራፉን ቀመሮችና ሐሳቦች ከአእምሮሽ ጻፊ፣ ከዚያ ከደብተር ጋር አስተያይተሽ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙዪ፣ በቀረው ጊዜ ጥያቄ ሥሪ። ደብተሩን ገልጦ በማንበብ ከተጀመረ ለውጡ በስም ብቻ ነው የተደረገው። አዲስ ምዕራፍ የምትገፊበት ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም፣ የአዲሱ ውጤትም አንድ ሁለት ጥያቄ ሊወርድ ይችላል። ይህን አስቀድመሽ ገጹ ላይ ጻፊው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «አይሠራም» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ራስሽ የጻፍሽውን ታነቢያለሽ።

ከዚያ ሦስት እሑድ አትንኪው። ከአሥር ጥያቄ አንድ ሁለት፣ ከ20 ሁለት ሦስት ከፍ ዝቅ ማለት የትኛው ጥያቄ ወጣ የሚል የዕድል ጉዳይ ነው፤ 12 የነበረው 10 ሲሆን ወረድኩ ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ድምሩን የምታዪው። የድሮው ውጤት በሦስት እሑድ ከ30 15 አካባቢ ከደረሰ ለውጡ ይዟል፣ ይቆይ። 8 ወይም 9 ላይ ከቀረ ግን መመለሻዎቹ እውነት መመለሻ ነበሩ ወይ ብለሽ እዪ፤ ከነበሩ ደግሞ ሦስቱን አራት አድርጊ። ምንም የማይቀየርበት እሑድም ይኖራል፤ ገጹ ላይ «አልተቀየረም» ብለሽ ጽፈሽ ተነሺ። የመወሰኛው ጊዜ ተርፎሻል።

ሳይጠበቅ የሚቀየርበትም ጊዜ አለ። የትምህርት ቤት ሰዓት ከጠዋት ወደ ከሰዓት ከተዛወረ፣ ከታመምሽ፣ የፈተናው ቀን ከተነገረ በዚያው ቀን አስተካክዪ፤ ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት አይደለም። የክፍል ፈተና ያለበት ሳምንት፣ ገናና ጥምቀት የዋሉበት ሳምንት ደግሞ «አይቆጠርም» ተብሎ ይለፍ። በበዓል ሳምንት የተሠራውን 4 ክፍለ ጊዜ ከሌላው ጋር ደምረሽ መካከለኛ ብታወጪ ቁጥሩ ይዋሽሻል።

በወር አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ሌላ ስሌት ጨምሪ፦ የቀሩትን ምዕራፎች ቁጠሪ፣ እስከ ፈተናው የቀሩትን ሳምንታት ቁጠሪ፣ የመጨረሻዎቹን 4 ሳምንታት ለሙሉ ፈተና መለማመጃ ቀንሺ። 20 ሳምንት ቀርቶ 24 ምዕራፍ ካለ፣ በ16 ሳምንት 24 ማለትም በሳምንት አንድ ተኩል ምዕራፍ ነው። የእሑዱ ገጽ በሳምንት አንድ ብቻ እንደምትጨርሺ ካሳየ 8 ምዕራፍ ይተርፋል። ያኔ ክፍለ ጊዜውን ወደ 16 አትመልሺው፣ እንደማይሠራ አይተሽዋል። ባለፉት ዓመታት ፈተናዎች ላይ ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደወጣ ቆጥረሽ ትንሽ የወጣባቸውን 8ቱን ወደ መጨረሻ አውርጃቸው። እዚህ ላይ መምህርሽን ብታማክሪ ይሻላል፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ራሱ ብዙ ሳይጠየቅ ለሌላው መሠረት ይሆናል።

ለመጀመር ሦስት ሳምንት መጠበቅ የለብሽም። የተቀደዱት አራት ፕሮግራሞች ላይ ከመስከረም ጀምሮ ያጠናሻቸው ምዕራፎች አሉ፤ የፊታችን እሑድ የሚያስፈልጉሽ 10 የድሮ ጥያቄዎች ከእነሱ ይወጣሉ። ዛሬ ማታ ጥያቄዎቹን ሳታነቢ ቁጥራቸውን ብቻ መርጠሽ ወረቀት ላይ አስፍሪ፣ አምስተኛውን ፕሮግራም የደብተርሽ ሽፋን ውስጥ ለጥፊው፣ ጭረትሽን ከሰኞ ጀምሪ።